«ወረፋው ላይ ጨምር» ሲባል፣ የትኛው ወረፋ?

60 ዘፈን ያለው ፕሌይሊስት ተከፍቶ አራተኛው ዘፈን እየተጫወተ ነው እንበል። አንድ ሰው መሃል ላይ ሌላ ዘፈን ትዝ ይለውና ፈልጎ ያገኘዋል፤ አጠገቡ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Add to queue የሚለውን ይመርጣል። አንዱ መተግበሪያ ላይ ያ ዘፈን አራተኛው እንዳለቀ ይመጣል። ሌላው ላይ ደግሞ ከ60ኛው በኋላ ነው የሚመጣው። አንዱን ዘፈን በአማካይ 4 ደቂቃ ብንይዘው፣ በመሃል ያሉት 56 ዘፈኖች 224 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ 3 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ማለት ነው። እስከዚያ ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ሰውየው «አልሰራም» ብሎ ዘፈኑን ደግሞ ይጨምራል፣ ሦስተኛም ይጨምራል፤ ሌሊት ላይ ያው ዘፈን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ ይገረማል።

ቁልፉ በሁለቱም ላይ ሰርቷል። ልዩነቱ «ወረፋ» የሚለው ቃል ላይ ነው። መተግበሪያዎቹ ቃሉን ተጋርተውታል እንጂ ትርጉሙን አልተጋሩትም። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለዚያ ልዩነት ነው፤ አውቶፕሌይ የሚባለው ነገር ያልጠራነውን ዘፈን ከየት እንደሚያመጣውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ምክንያቱም አውቶፕሌይ የሚኖረው «የወረፋው መጨረሻ» በሚባለው ቦታ ላይ ነው። መጨረሻው የት እንደሆነ ካልታወቀ እሱም የት እንደሚጀምር አይታወቅም።

በስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም ዝርዝር ይታያል። ከጀርባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በእጃችን እየመረጥን ያስገባነው ነው፤ «የእጅ ምርጫ» ልበለው። ሁለተኛው ጨዋታው የተነሳበት ነገር ነው፦ አልበም፣ ፕሌይሊስት፣ የአንድ ድምፃዊ ገጽ። እሱን «መነሻ» እንበለው። ሦስተኛው ደግሞ መነሻው ሲያልቅ መተግበሪያው ራሱ የሚቀጥልበት ነው፤ «ቅጥያ» ይሁን። እነዚህ ስሞች ማንኛውም ስክሪን ላይ አይገኙም፤ ግን እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ያየ ሰው ቀሪውን ሁሉ በራሱ መገመት ይችላል።

መተግበሪያዎች የሚለያዩት የእጅ ምርጫውን ከመነሻው ጋር በሚያዋህዱበት መንገድ ነው። ስፖቲፋይ ሁለቱን ለየብቻ ይይዛቸዋል። የወረፋው ገጽ ሲከፈት Next in queue የሚል ክፍል ከላይ፣ Next from የሚልና የፕሌይሊስቱን ስም የያዘ ክፍል ከታች ይታያል። Add to queue የተባለ ዘፈን የላይኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ይገባል። የላይኛው ክፍል ተጫውቶ እስኪያልቅ ድረስ የታችኛው ይጠብቃል። ስለዚህ ከላይ ባለው ምሳሌ ዘፈኑ አራተኛው እንዳለቀ ይመጣል፤ ከፊቱ ሌላ በእጅ የተመረጠ ከሌለ በስተቀር።

ዩቲዩብ ሚዩዚክ ግን መነሻውን ራሱን ወረፋ ያደርገዋል። 60 ዘፈን ያለው ፕሌይሊስት ሲከፈት 60ዎቹም ወረፋ ውስጥ ገብተው ይቆማሉ፤ Add to queue ደግሞ ከነሱ ኋላ ይሰለፋል። ይህም ስህተት አይደለም። እንዲያውም ለቃሉ የበለጠ ታማኝ ነው፤ ወረፋ የያዘ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ነው የሚቆመው። ለዚህ ነው እዚያ Play next የሚለው ሁለተኛ ምርጫ የግድ የሚያስፈልገው፦ ወረፋ ጥሶ ፊት የሚገባበት በር ነው።

የራሳችሁ መተግበሪያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቢያንስ አሥር ዘፈን ያለው አልበም ክፈቱና የመጀመሪያውን አጫውቱ። ከሌላ ቦታ አንድ ዘፈን ፈልጋችሁ ወረፋው ላይ ጨምሩት፤ ስሙ ከአልበሙ ጋር የማይምታታ ይሁን። ከዚያ የወረፋውን ገጽ ክፈቱ። የጨመራችሁት ሁለተኛ ላይ ከተቀመጠ የእጅ ምርጫውን ለይቶ የሚይዝ ነው። አልበሙ ካለቀ በኋላ ከተቀመጠ አንድ ዝርዝር ብቻ ያለው ነው። የቁልፉን ስም አምኖ ከመገመት ይህ ይሻላል፤ መተግበሪያዎች ሲታደሱ ይህ ጸባያቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለወጥ ይችላልና።

ሦስት ዘፈን፣ ሁለት ቅደም ተከተል

አሁን ወደ Play next እንምጣ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው።

12 ዘፈን ያለው ፕሌይሊስት ነው፤ አራተኛው እየተጫወተ ነው። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ዘፈኖችን በዚሁ ቅደም ተከተል መስማት እንፈልጋለን። ሀ ላይ Play next እንላለን፤ ከአራተኛው ቀጥሎ ይቀመጣል። ለ ላይም እንዲሁ እንላለን። Play next ትርጉሙ «አሁን ከሚጫወተው ቀጥሎ» ነው፤ አሁን የሚጫወተው ደግሞ ገና አራተኛው ነው። ስለዚህ ለ ከአራተኛው ቀጥሎ ገብቶ ሀን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሐም ሁለቱን ይገፋል። የምንሰማው እንዲህ ይሆናል፦ 4፣ ሐ፣ ለ፣ ሀ፣ 5። ልክ ሳህን በሳህን ላይ እንደመደርደር ነው፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል።

ሦስቱንም Add to queue ብንላቸው ግን ቅደም ተከተላቸው አይገለበጥም። የእጅ ምርጫውን ለይቶ በሚይዝ መተግበሪያ ላይ 4፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ 5 ይሆናል። አንድ ዝርዝር ብቻ ባለው ላይ ደግሞ ከ5 እስከ 12 ያሉት መጀመሪያ ያልፉና ሀ፣ ለ፣ ሐ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ተጠብቋል፤ ቦታው ነው የራቀው።

ይህን የሚያወሳስብ አንድ ነገር አለ። «Play next አንዳንዴ ይገለብጣል፣ አንዳንዴ አይገለብጥም» የሚል ቅሬታ ይሰማል፤ ነገሩም ከውጭ ሲታይ እውነት ይመስላል። ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። ሀን ከጨመርን በኋላ ለን ፍለጋ ስንቆይ አራተኛው ዘፈን አልቆ ሀ መጫወት ጀመረ እንበል። አሁን «የሚጫወተው» ሀ ነው። ለ ከሱ ቀጥሎ ይገባል፤ ቅደም ተከተሉም ትክክል ሆኖ ይመጣል። ፈጥኖ የጨመረ ሰው ይገለበጥበታል፣ ዘግይቶ የጨመረ አይገለበጥበትም። መተግበሪያው ሁለቱንም ጊዜ ያደረገው አንድ ነገር ነው።

በቅደም ተከተል ቀጥሎ እንዲመጣ ለሚፈልግ ሦስት መንገዶች አሉ። ቀላሉ ከኋላ መጀመር ነው፦ መጀመሪያ ሐን፣ ከዚያ ለን፣ መጨረሻ ላይ ሀን Play next ማለት። ዘፈኑ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ግን ይህን አትሞክሩት፤ በመሃል ዘፈን ከተቀየረ ስሌቱ ይፈርሳል። ሁለተኛው መንገድ ሦስቱን በአንዲት ትንሽ ፕሌይሊስት ሰብስቦ ፕሌይሊስቷን በሙሉ Play next ማለት ነው። ዘፈኖቹ እንደ አንድ እሽግ ስለሚገቡ የውስጥ ቅደም ተከተላቸው አይነካም፤ አልበምም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው እንደመጣ ጨምሮ የወረፋውን ገጽ መክፈትና በእጅ ማስተካከል ነው። ከዘፈኑ ጎን ያሉትን ትንንሽ መስመሮች ተጭኖ ይዞ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጎተት ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ላይ ይሰራል። ለሦስት ዘፈን ይህ ይበቃል፤ ለሃያ ዘፈን ጣት ያደክማል።

አፕል ሚዩዚክ ሁለቱን ምርጫዎች Play Next እና Play Last ብሎ ሲጠራቸው ቆይቷል። ከሁሉም የጠራው አሰያየም ይህ ይመስለኛል። «ጨምር» የሚል ግሥ የት እንደሚጨመር አይናገርም፤ «መጨረሻ» ግን ቦታ ነው።

ሰዎች ተሰብስበው አንድ ስልክ ተራ በተራ ሲቀባበሉ Play next ከመመቻቸቱ ይልቅ ጥፋቱ ይበልጣል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ከፊት ያስገባል። መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ዘፈን እያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጥያቄው ካልቆመ ጨርሶ ላይደርሰው ይችላል። ተራ አስከባሪ የሌለበት ሰልፍ ማለት ነው። እዚያ ላይ የሚሻለው ሁሉም Add to queue ብቻ እንዲጠቀም መስማማት ነው። ግን መተግበሪያው አንድ ዝርዝር ብቻ ያለው ከሆነ መነሻው አጭር መሆን አለበት። 60 ዘፈን ባለው ፕሌይሊስት ተጀምሮ «ሁላችሁም ከኋላ ጨምሩ» ማለት ማንም እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ከአንድ ዘፈን ወይም ከአጭር አልበም መጀመር፣ ከዚያ ከኋላ እያስጨመሩ መሄድ ይሻላል። ጥያቄው ሲደርቅስ ዝም ይላል ወይ የሚል ካለ፣ ለዚያ ጊዜ አውቶፕሌይ ለአንዴ ጥቅም አለው።

ያልተጠራው እንግዳ

አውቶፕሌይ መነሻው ሲያልቅ የሚመጣው ቅጥያ ነው። ዩቲዩብ ሚዩዚክ የወረፋው ገጽ ላይ በግልጽ ይጽፈዋል፦ Autoplay የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ያለው መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ወረፋችን ነው፣ ከታች ያለው ግምቱ ነው። አፕል ሚዩዚክ ከ2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 14 ወዲህ፣ ማለቂያ የሌለውን ምልክት ∞ ይጠቀማል። የሚጫወተውን ዘፈን ገጽ ከፍቶ ታች በስተቀኝ ያለውን የዝርዝር ምልክት ሲነኩ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ከሚያቀላቅለው ከሻፍልና ከመደጋገሚያው ጎን ይገኛል፤ ከበራ ደምቆ ይታያል። ስፖቲፋይ ላይ ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ Playback የሚለውን ክፍል መክፈትና Autoplay የሚለውን ማጥፋት ነው።

ለምን እንደሚጨምር የሚሰጠው የተለመደ መልስ «እንድትወዱት ነው» የሚል ነው። ሙሉ መልሱ ግን ሁለት ተራ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው ጸጥታ ነው። ሙዚቃ ሲቆም ሰው ስልኩን ያነሳል፤ ስልኩን ያነሳ ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ሊሄድ ይችላል። ማስታወቂያ ለሚያሰማ ነጻ አገልግሎት የቆመ ሙዚቃ የቆመ ማስታወቂያ ነው። ክፍያ በሚያስከፍለው ላይ ደግሞ አድማጩ ብዙ ሰዓት መጠቀሙ ክፍያውን እንዳያቋርጥ ያግዛል። ሁለተኛው ምክንያት ግኝት ነው፦ አገልግሎቱ ሚሊዮን ዘፈኖች አሉት፣ አድማጩ ግን የሚያውቃቸውን ብቻ ነው የሚፈልገው። የማያውቀውን ሊያሰሙት የሚችሉት እሱ መምረጥ ባቆመበት ሰዓት ነው።

መርጦ የሚያመጣበት መንገድ ያን ያህል ምስጢር አይደለም። ዋናው መነሻው የሌሎች ሰዎች ልማድ ነው። አንድን ዘፈን ያዳመጡ ወይም ፕሌይሊስታቸው ላይ ያስቀመጡ ሰዎች አብረው ምን አስቀመጡ? አብረው ብዙ ጊዜ የሚገኙ ዘፈኖች እንደ ጎረቤት ይቆጠራሉ። ከዚህ ላይ የድምፁ ጸባይ፣ ፍጥነቱና ዘውጉ፣ እንዲሁም የአድማጩ የራሱ ታሪክ ይጨመራል። ከዚህ የሚከተል አንድ ድክመት አለ። ብዙ አድማጭ ያለው ዘፈን ብዙ ጎረቤት አለው። አድማጩ ትንሽ የሆነ ዘፈን ግን ጎረቤቱ ጥቂት ስለሆነ ቅጥያው ቶሎ ይሟጠጥበታል፤ ወይ የዚያኑ ድምፃዊ ሥራዎች እየደጋገመ ይዞራል፣ ወይ ሁለት ሦስት ዘፈን ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደሚያውቀው ዝነኛ ሥራ ያመልጣል። ብርቅዬ አልበም ከፍቶ ከአልበሙ በኋላ ሬዲዮ ላይ ዘወትር የሚሰማ ዘፈን የመጣበት ሰው ጣዕሙ ተንቆ አይደለም፤ መረጃው ስላነሰ ነው።

ዘር የሚሆነው ምን እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። ቅጥያው የሚበቅለው ሲጫወት ከነበረው ነገር ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ፈልጎ ያጫወተ ሰው ቅጥያው ከዚያች ከአንዷ ብቻ ይነሳል። የተቀላቀለ ፕሌይሊስት ያጫወተ ደግሞ ቅጥያው ምን እንደሚመስል መገመት ይቸግረዋል። ሌላ መልክ ያለው ቅጥያ የፈለገ ሰው አውቶፕሌይን መውቀሱን ትቶ መነሻውን ቢለውጥ ይሻለዋል።

«ገና አልበሙ ሳያልቅ ለምን ዝርዝሩ ላይ ይታዩኛል?» ለሚለውም መልስ አለ። አጫዋቹ ዘፈኑ ሳያልቅ ቀጣዩ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ያለዚያ የመጀመሪያውን ክፍል አስቀድሞ ማውረድ አይችልም፣ በሁለት ዘፈኖች መሃልም ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ቅጥያው ከመድረሱ በፊት ተጠይቆ ይመጣል፤ አንዳንዶቹ ያሳዩታል፣ አንዳንዶቹ ይደብቁታል። ስልኩ ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ብቻ የሚያጫውት ቀላል አጫዋች ይህ ሁሉ የለበትም፤ የሚጠይቀው ሰርቨር ስለሌለ ዝርዝሩ ሲያልቅ ዝም ይላል። አንዳንዴ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

አጥፍቼዋለሁ፣ ግን አሁንም ይጨምራል

ይህ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ባዕዱ ዘፈን የት ላይ ገባ የሚለው ነው። ከመጨረሻው በኋላ ከሆነ አውቶፕሌይ ነው። መሃል ላይ ከሆነ ግን አውቶፕሌይ አይደለም፤ ማጥፊያውን መቶ ጊዜ ቢነኩትም አይቆምም።

ስፖቲፋይ ላይ መሃል የሚገባው ብዙ ጊዜ Smart Shuffle ነው። በ2023 የወጣ ነው። የሚበራው ከዚያው ከሻፍል ቁልፍ ነው፤ ምልክቱ ላይ ትንሽ ብልጭታ ይጨመራል። ሲወጣ እንደተገለጸው ከ15 በላይ ዘፈን ባለው ፕሌይሊስት ላይ በየሦስት ዘፈን አንድ የራሱን ሐሳብ ያስገባል። በዚህ ስሌት 60 ዘፈን ያለው ፕሌይሊስት እስከ 20 እንግዳ ሊቀበል ነው። የገቡት ዘፈኖች አጠገብም ያው የብልጭታ ምልክት አለ። እነዚህ ፕሌይሊስቱ ላይ በቋሚነት አልተጻፉም፤ ሻፍሉ ሲቀየር ይጠፋሉ። የሚጠፋውም እዚያው ሻፍሉ ላይ እንጂ Playback ውስጥ አይደለም።

ሌላው ምንጭ «ሬዲዮ» ነው። ከአንድ ዘፈን ሜኑ ውስጥ ሬዲዮ የሚለውን የመረጠ ሰው ሳያስበው መነሻውን ራሱን በማሽን የተሠራ ዝርዝር አድርጎታል። እዚያ ያሉት ዘፈኖች ቅጥያ አይደሉም፤ ሕጋዊ ወረፋ የያዙ ናቸው። አንድ ዝርዝር ብቻ ባለው መተግበሪያ ላይ Add to queue ያልነው ዘፈን ከነሱ ሁሉ ኋላ ይሰለፋል። ከአውቶፕሌይ ጋር ግን እንዲህ አይደለም፤ የእጅ ምርጫ ከአውቶፕሌይ መስመር በላይ ነው የሚገባው። ሁለቱ ስክሪን ላይ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ «አንዳንዴ ከኔ በፊት ይጫወታሉ፣ አንዳንዴ ከኔ በኋላ» የሚያሰኙት ለዚህ ነው።

አውቶፕሌይ በእርግጥ መጥፋቱን ለማረጋገጥ አንድ ዘፈን ብቻ ያለው ነጠላ አልበም ክፈቱና የዘፈኑን መጨረሻ አካባቢ ጎትታችሁ አጫውቱት። ካለቀ በኋላ ዝም ካለ ጠፍቷል። መደጋገሚያው እንዳልበራ ግን መጀመሪያ እዩ። ዝርዝሩን በሙሉ የሚደግመው ቁልፍ ከበራ መጨረሻ የሚባል ነገር ስለሌለ አውቶፕሌይ ቢበራም ተራ አይደርሰውም። ይህን ወደ ጥቅም መለወጥም ይቻላል፦ ባዕድ ዘፈን የማይፈልግና ጸጥታም የማይፈልግ ሰው የሚያስፈልገው መደጋገሚያ ነው። ስፖቲፋይ ላይ ግን በእጅ የጨመራችሁት ዘፈን አንዴ ተጫውቶ ከወረፋው ይወጣል፤ ዙሩ ሲደገም አብሮ አይመለስም፤ የሚደገመው መነሻው ነው።

ወረፋ በድንገት የሚጠፋበትን መንገድም ልጥቀስ። ዘፈን ፈልጎ ስሙን ራሱን መንካትና ሦስት ነጥቦቹን መንካት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ስሙን መንካት «አሁን አጫውት» ነው፤ መነሻውንም ይቀይራል። አንድ ዝርዝር ብቻ ያለው መተግበሪያ ላይ ለግማሽ ሰዓት የተደረደረ ወረፋ በዚህች አንድ ንክኪ ይሄዳል። ስፖቲፋይ ላይ የእጅ ምርጫው ይተርፋል፤ አዲሱ ዘፈን ሲያልቅ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወደ አዲሱ መነሻ ያልፋል፤ የድሮው መነሻ ግን የለም። አፕል ሚዩዚክ ወረፋው ላይ በእጅ የተጨመረ ካለ «ይቆይ ወይስ ይጽዳ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ መንካት የለመደ ሰው እዚያ ላይ ይቆጨዋል። ሻፍልም እንዲሁ ነው፦ ስፖቲፋይ ላይ የእጅ ምርጫውን አይነካም፣ አንድ ዝርዝር ብቻ ባለው ላይ ግን በጥንቃቄ የተደረደረውን ሁሉ ይበትነዋል። መደርደር የሚፈልግ ሰው ሻፍሉን መጀመሪያ ይንካ፣ ከዚያ ይደርድር።

የሚያሳዝኑት ግን የሌሊቶቹ ናቸው። 45 ደቂቃ የሚፈጅ አልበም ከፍቶ የተኛ ሰው አውቶፕሌይ በርቶ ከሆነ ጠዋት ስልኩ ገና ሲዘፍን ያገኘዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በሰከንድ 160 ኪሎቢት የሚወርድ ድምፅ በደቂቃ 1.2 ሜጋባይት ነው፤ በሰዓት 72። ስምንት ሰዓት ከተኛ 576 ሜጋባይት ሄዷል፤ ከዚህ ውስጥ እሱ የመረጠው አልበም ድርሻ 54 ብቻ ነው። ጥራቱ 320 ኪሎቢት ላይ ከሆነ ሁሉም እጥፍ ይሆናል፤ ከ1.1 ጊጋባይት በላይ። ዳታው ብቻም አይደለም። በእንቅልፍ የተጫወቱት ከመቶ በላይ ዘፈኖች እንደ ተሰሙ ተመዝግበዋል፤ ማንም ስላልዘለላቸውም ተወደው የተሰሙ ይመስላሉ። በቀጣዩ ሳምንት የሚመጣው ጥቆማ ከነዚያ ዘፈኖች ይነሳል፤ ቅጥያው የራሱን ምርጫ እንደ አድማጩ ጣዕም ቆጥሮ ይመልሰዋል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ስፖቲፋይ ላይ ከሚጫወተው ዘፈን ሜኑ ውስጥ Sleep timer ይባላል፤ ከደቂቃዎቹ ምርጫ በተጨማሪ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚያቆምም አለው። አይፎን ላይ ደግሞ የሰዓት መተግበሪያው ውስጥ Timer ተከፍቶ፣ ሲያልቅ የሚጮኸውን ድምፅ መምረጫ ውስጥ እስከ ታች ከወረዱ Stop Playing የሚል አለ፤ ማንኛውንም አጫዋች ያቆማል። ሁለተኛው መፍትሔ ማዳመጡ ይቀጥል፣ ግን አይመዝገብ የሚል ነው። ስፖቲፋይ ላይ Private session ማብራት፣ አፕል ሚዩዚክ ላይ Use Listening History የሚለውን ማጥፋት፣ ዩቲዩብ ሚዩዚክ ላይ የእይታ ታሪኩን ለጊዜው ማቆም ይቻላል። ለእንቅልፍ ወይም ለሕፃናት የሚከፈት ፕሌይሊስት ካለ፣ ስፖቲፋይ ያን ፕሌይሊስት ብቻ ከጣዕም መዝገብ ማውጣትን ይፈቅዳል፤ በፕሌይሊስቱ ሜኑ ውስጥ Exclude from your taste profile ይላል። አንዴ ከተነካ ይበቃል፤ በየሌሊቱ ማስታወስ አያስፈልግም።